ከእንፋሎት ሞተር እስከ ግራ ልብ፦ የአንድ ዙር ታሪክ

ሜካኒካል ምህንድስና የተማረ ሰው የማይረሳው አንድ ሥዕል አለ። በቋሚው መስመር ላይ ግፊት፣ በአግድሙ ላይ ይዘት፣ መሃል ላይ ደግሞ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ እዚያው የሚመለስ የተዘጋ ዙር። ቴርሞዳይናሚክስ የወሰዳችሁ ካላችሁ፣ ይህ ዙር ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳን ታውቃላችሁ። የልብ ሐኪሞችም ይህንኑ ሥዕል ይጠቀማሉ። ሞተሩ ሲወጣ ልብ ይገባል፣ ሌላው እንዳለ ነው። የተገጣጠመውም በአጋጣሚ አይደለም። ሥዕሉ ከሞተር ቤት ወደ ልብ የተሻገረበት ታሪክ አለው፤ ዛሬ የማወራላችሁ ስለዚያ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በእንግሊዝ አገር፣ በጄምስ ዋት ፋብሪካ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ዋት የእንፋሎት ሞተሮቹ በሲሊንደራቸው ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ፈለገ። ከውጭ የሚታየው የሚወጣና የሚወርድ ፒስተን ብቻ ነበር። ስለዚህ ከትልቁ ሲሊንደር ጋር የተገናኘች፣ ሞላ ያላት ትንሽ ሲሊንደር ሠራ፤ እንፋሎቱ ሲጫን ትንሿ ፒስተን ከፍ ትላለች፣ ሲቀንስ ትወርዳለች። እ.ኤ.አ. በ1796 ረዳቱ ጆን ሳውዘርን አንድ ቀላል ነገር ጨመረበት፦ በፒስተኗ ጫፍ እርሳስ፣ ከእርሳሱ ፊት ደግሞ ከዋናው ፒስተን ጋር ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ወረቀት የተለጠፈበት ሰሌዳ። እርሳሱ በግፊት ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወረቀቱ በይዘት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንቀሳቀሳሉ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ወረቀቱ ላይ አንድ ዙር ይሳላል።

መሣሪያው ኢንዲኬተር ተባለ። ፋብሪካው ለዓመታት ምስጢር አድርጎ ያዘው፤ ምክንያቱም በዙሩ የታጠረው ስፋት ሞተሩ በአንድ ዙር የሠራውን ሥራ ይነግራል። ቅርጹም የራሱ ወሬ አለው፤ በሩ ዘግይቶ የሚከፈት ወይም እንፋሎት የሚያፈስ ሞተር ዙሩ ይጎብጣል። ጥሩ መካኒክ ሞተሩን ሳይፈታ ሕመሙን ከወረቀቱ ያነብ ነበር።

አሁን ወደ ልብ እንምጣ። የምናየው የግራውን የታችኛውን ክፍል፣ ግራ ቬንትሪክልን ነው፤ ደምን ወደ መላው ሰውነት የሚገፋው እሱ ነው። ሁለት በሮች አሉት። መግቢያው ሚትራል ቫልቭ ይባላል፤ ከላይኛው ክፍል ከኤትሪየም ደም ያስገባል። መውጫው አዮርቲክ ቫልቭ ነው፤ ወደ ትልቁ የደም ቧንቧ ወደ አዮርታ ያስወጣል። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ በሮች ናቸው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ በሮቹን ጎትቶ የሚከፍታቸው የለም። ከኋላ ያለው ግፊት ከፊት ካለው ሲበልጥ ይከፈታሉ፣ ሲያንስ ይዘጋሉ። ይህን ከያዛችሁ የቀረውን ዙር ራሳችሁ መሳል ትችላላችሁ።

ይህን ሥዕል ለመሳል ግን ሁለቱንም፣ ግፊቱንም ይዘቱንም፣ በአንድ ጊዜ መለካት ያስፈልግ ነበር። ግፊቱ ቀድሞ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1861 ፈረንሳዮቹ ኦገስት ሾቮና ኤትየን ዡል ማሬ በሕይወት ያለ ፈረስ የአንገት ደም ሥሮች በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ልቡ አስገብተው፣ የልብ ክፍሎቹ ግፊት ሲወጣና ሲወርድ በወረቀት ላይ ቀረጹ። ትልቅ ሥራ ነበር፤ ግን የሚያሳየው ግፊትን ከጊዜ ጋር ብቻ ነው። የሚመታ ልብ በያንዳንዷ ቅጽበት ስንት ሚሊሊትር ደም እንደያዘ ማን ያውቃል? ከአጥንትና ከሳንባ በስተጀርባ ያለ፣ ቅርጹ የሚለዋወጥ ከረጢት ነው። የእንፋሎት ሞተር ሰው በዚህ አይቸገርም፤ ፒስተኑ የት እንዳለ ካየ ይዘቱን አወቀ። ልብ ፒስተን የለውም።

ችግሩን በሌላ መንገድ የዞረው ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክ ነው። ፍራንክ ከሕክምናው ሌላ ሂሳብና ፊዚክስ አጥንቷል፤ ይህም በሥራው ሁሉ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተመው ጥናት ከእንቁራሪት የወጣ ልብ ከቱቦዎችና ከግፊት መለኪያ ጋር አገናኘ። ልቡ ከአካል ውጭ ስለሆነ ምን ያህል ፈሳሽ እንደሚገባበትና እንደሚወጣበት መቆጣጠር ይቻላል። ከዚያ ፍራንክ እውነተኛ የምህንድስና ሙከራ አደረገ፦ መውጫውን ዘጋው። ልቡ ይጨመቃል፣ ፈሳሹ ግን መሄጃ የለውም። ይዘቱ እንዳለ ሆኖ ግፊቱ ብቻ ይወጣል፣ ይወርዳል። በሌላ ሙከራ ደግሞ መውጫውን ከፍቶ፣ ግፊቱ ሳይለወጥ ይዘቱ ብቻ እንዲቀንስ አደረገ። አንዱ ሙከራ ቋሚ መስመር ይሰጣል፣ ሌላው አግድም መስመር። እውነተኛው የልብ ምት ከሁለቱ የተሠራ ነው። ፍራንክ ከሞተሮቹ ጋር ያለውን ዝምድና አልደበቀም፤ የልብን ሥራ ስለሚለካ ኢንዲኬተር በዚያው በ1890ዎቹ ጽፏል።

በነገራችን ላይ ከዚያው ሙከራ አንድ ሌላ ነገር ወጣ። ልቡን መጀመሪያ ላይ ይበልጥ ሲሞላው ይበልጥ ኃይለኛ ግፊት አወጣ፤ እስከ አንድ ወሰን ድረስ። በለንደን ኧርነስት ስታርሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1914 ይህንኑ በውሻ ልብ ላይ አሳዩ፤ ዛሬ የፍራንክና ስታርሊንግ ሕግ የምንለው ነው። ይህን እንለፈው፤ ኋላ ግን ያስፈልገናል።

እስቲ ዙሩን አብረን እንሳል። ቁጥሮቹ የአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ናቸው ብላችሁ ያዙ። ወረቀት ካላችሁ አውጡ።

ልብ ሞልቶ ከመጨመቁ በፊት እንጀምር። በቬንትሪክሉ ውስጥ 120 ሚሊሊትር ደም አለ፤ ግፊቱ ግን 10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አይሞላም። ይህ የሥዕሉ የታችኛው ቀኝ ጥግ ነው። ጡንቻው መጨመቅ ሲጀምር የውስጡ ግፊት ከኤትሪየሙ ይበልጣል፤ ሚትራል ቫልቭ ይዘጋል። የአዮርታው ግፊት ግን ወደ 80 ገደማ ነውና መውጫው በር ገና አልተከፈተም። ሁለቱም በሮች ዝግ ናቸው። ልክ እንደ ፍራንክ የተዘጋ መውጫ! ይዘቱ 120 ላይ ቆሞ ግፊቱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ እርሳሳችሁ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሂድ።

80 ሲደርስ ቬንትሪክሉ አዮርታውን ይበልጠዋል፣ በሩም ይከፈታል። አሁን ደም እየወጣ ይዘቱ ይቀንሳል፤ እርሳሱ ወደ ግራ ይሄዳል። ግፊቱ ግን ወዲያው አይቀንስም፤ ጡንቻው ገና እየጨመቀ ስለሆነ እስከ 120 ወጥቶ ጎበጥ ይልና ወደ 100 ገደማ ይወርዳል። ክንዳችሁ ላይ ሲለካ የሚነገራችሁ «120 በ80» የሚመጣው ከዚሁ ክፍል ነው። ይዘቱ 50 ሲደርስ ቬንትሪክሉ እየደከመ ከአዮርታው ያንሳል፣ መውጫው በር ይዘጋል። ይህ የላይኛው ግራ ጥግ ነው። አስታውሱት።

ከዚያ ጡንቻው ይላላል። እንደገና ሁለቱም በሮች ዝግ ናቸው፤ ይዘቱ 50 ላይ ቆሞ ግፊቱ ቀጥ ብሎ ይወድቃል። ከኤትሪየሙ በታች ሲወርድ ሚትራል ቫልቭ ይከፈትና ደም ይገባል፤ እርሳሱ በታች በኩል ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ተጉዞ ከተነሳንበት ጥግ ይደርሳል። ዙሩ ተዘጋ።

120 ገባ፣ 50 ቀረ፤ በአንድ ምት 70 ሚሊሊትር ወጣ። 70ውን ለ120 ስታካፍሉት 58 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሐኪሞች ኢጀክሽን ፍራክሽን የሚሉት ይህን ነው። ስፋቱንስ? ዙሩን 70 በ100 የሆነ አራት ማዕዘን አድርገን ብንገምት 7000 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በሚሊሊትር ይሆናል፤ ወደ ጁል ሲቀየር 0.93 ገደማ። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ ከ1 ዋት ትንሽ ይበልጣል። ከሞተሩ ሰውዬ ስም የተወሰደው መለኪያ የራሱን ሥዕል ተከትሎ ልብ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። የዋት ዙር በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፣ የልብ ደግሞ በተቃራኒው። ሞተሩ ውስጥ እንፋሎቱ ሲሊንደሩን በከፍተኛ ግፊት ያሰፋል፣ በዝቅተኛ ግፊት ይወጣል፤ ፈሳሹ በግድግዳው ላይ ይሠራል። ልብ ግን በዝቅተኛ ግፊት ሰፍቶ በከፍተኛ ግፊት ይጠባል፤ ግድግዳው በፈሳሹ ላይ ይሠራል። አንዱ ሞተር ነው፣ አንዱ ፓምፕ ነው። የእርሳሱ አቅጣጫ ብቻ ይህን ይነግረናል።

ዙሩ የማይናገረውም አለ፤ ጊዜን። ልብ በደቂቃ 75 ጊዜ ቢመታ አንዱ ምት 0.8 ሴኮንድ ይፈጃል። ያ ረጅሙ የቀኝ ቋሚ መስመር ግን 0.05 ሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው፤ የታችኛው የመሙያ መስመር ደግሞ ከምቱ ግማሽ በላይ ይወስዳል። ሥዕሉ ላይ ሁለቱም እኩል ጊዜ የፈጁ ይመስላሉ። በሕክምና መጻሕፍት የምታዩት ሌላው ሥዕል፣ ግፊትን፣ ይዘትንና የልብ ድምፅን ከጊዜ ጋር በአንድ ገጽ የሚደረድረው፣ የአሜሪካዊው ካርል ዊገርስ ነው። እሱም ሙኒክ ሄዶ ከፍራንክ ዘንድ የሠራ ሰው ነው። ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የዊገርስን ሥዕል በቃል ያጠኑታል። እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ ዙሩን ቢያዩ ይሻላቸዋል፤ በሮቹ ለምን በዚያ ቅጽበት እንደሚዘጉ አንዴ ካዩ የዊገርስ መስመሮች በራሳቸው ቦታ ይይዛሉ።

ታዲያ ከአንድ ዙር የጡንቻውን ጥንካሬ ማንበብ ይቻላል? ፍራንክ የተወው ትልቅ ጥያቄ ይህ ነው። በአንድ ምት የሚወጣው ደም ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱም የደም ግፊታችሁ ከፍ ካለ ያው ጤነኛ ልብ ትንሽ ደም ያወጣል፣ ብዙ ከሞላ ደግሞ በፍራንክና ስታርሊንግ ሕግ መሠረት ብዙ ያወጣል። ጡንቻው ሳይለወጥ ቁጥሩ ይለዋወጣል። ሞተሩን ከጭነቱ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

መልሱ የመጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሂሮዩኪ ሱጋና ከኪይቺ ሳጋዋ ነው። ከውሻ የወጣ ልብ በደም እየተመገበ እንዲመታ አድርገው፣ በግራ ቬንትሪክሉ ውስጥ ውሃ የተሞላ ፊኛ አስገቡ። የፊኛው ውሃ ይዘቱን ይነግራል። ከዚያ አንዴ ብዙ፣ አንዴ ትንሽ እየሞሉ፣ የሚገፋበትንም ግፊት እየለዋወጡ ብዙ ዙሮች ሳሉ። ዙሮቹ ሁሉ የተለያዩ ናቸው፤ ረጅም፣ አጭር፣ ሰፊ፣ ጠባብ። የላይኛው ግራ ጥጋቸው ግን፣ አስታውሱት ያልኳችሁ፣ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ተሰለፈ ማለት ይቻላል። አድሬናሊን ሲጨምሩ ደግሞ መስመሩ ይበልጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። የመስመሩ ተዳፋት የጡንቻው ጥንካሬ መለኪያ ሆነ ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ቅድም የሳልነው ጥግ 50 ሚሊሊትርና 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ላይ ነበር። መስመሩ አግድሙን 10 ሚሊሊትር ላይ ይቆርጣል እንበል። ተዳፋቱ 100 ሲካፈል ለ40፣ ማለትም 2.5 ነው። አሁን ሰውዬው ደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ጥጉ 125 ላይ ቢደርስስ? በዚያው መስመር ላይ ስንሄድ የሚቀረው ደም 60 ይሆናል፣ የሚወጣውም ወደ 60 ይወርዳል። የሚወጣው ደም ቀነሰ፣ ጡንቻው ግን ያው ነው፤ መስመሩ አልተነቃነቀም። ሌላ ሰው እንውሰድ፦ ልቡ ደክሞ ተዳፋቱ 1 ብቻ ሆኗል። በ100 ግፊት የሚቀረው 110 ነው። ሰውነቱ ውሃ እያጠራቀመ ልቡን እስከ 180 ቢሞላው የሚወጣው 70 ይሆናል፤ ከጤነኛው ጋር እኩል! በሚወጣው ደም ብቻ ብታዩት ምንም የሌለበት ሰው ነው። ዙሩ ግን ወደ ቀኝ ተሰድዷል፤ 70ው የተገኘው ልብን በመወጠር ነው፤ ሰውዬውም ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ሳይንሱ እንዲህ ቢያምርም በሰው ልብ ውስጥ ፊኛ አይገባም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኔዘርላንድ ላይደን ያን ባንና ባልደረቦቹ ብልሃት አገኙ። በእግር ደም ሥር የሚገባ፣ በርዝመቱ የብረት ቀለበቶች የተደረደሩበት ቀጭን ቱቦ ነው። በጫፎቹ ላይ ባሉት ቀለበቶች በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፣ በመሃል ባሉት ቮልቴጁ ይለካል። ደም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በክፍሉ ውስጥ ብዙ ደም ሲኖር በቀላሉ ያልፋል፣ ሲያንስ ይቸገራል። ከዚያ ይዘቱ በየቅጽበቱ ይሰላል። ችግሩ ኤሌክትሪኩ በደም ብቻ አለመወሰኑ ነው፤ በልብ ጡንቻውም ያልፋልና ልቡ ከእውነቱ የሰፋ መስሎ ይታያል። ለዚህ ጨው የበዛበት ውሃ በትንሹ ይወጋል፤ የደሙ ማስተላለፍ ሲለወጥ የጡንቻው ስለማይለወጥ፣ ሁለቱን ለይቶ መቀነስ ይቻላል። እንደ እኔ ያለ የምህንድስና ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

በአብዛኛው ሆስፒታል ይህ ቱቦ የለም፤ ያለው አልትራሳውንድ ነው፤ እሱም የሚሰጠው በዋናነት ያንን በመቶ የሚነገር ቁጥር ነው። ዙሩን በአእምሮ መሳል የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። አገራችን ውስጥ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ የልብ በሽታ ብዙ ወጣቶችን ያጠቃል፤ በብዛት የሚያበላሸውም ሚትራል ቫልቭን ነው። መግቢያው በር በደንብ የማይዘጋ ሴት ልጅ እንውሰድ። ልቧ ሲሞላ 180 ሚሊሊትር ይይዛል፣ ጨምቆ ሲጨርስ 70 ይቀረዋል። 110 ወጣ፤ 61 በመቶ። ከጤነኛው 58 ይበልጣል!

አሁን ዙሯን ሳሉ። ከታች ቀኝ ጥግ ስትነሱ እርሳሱ ቀጥ ብሎ አይወጣም። መግቢያው በር ስለሚያፈስ፣ መውጫው ሳይከፈት በፊት ደም ወደ ኋላ ወደ ኤትሪየሙ መሄድ ይጀምራል፤ መስመሩ ከመጀመሪያው ወደ ግራ ያዘነብላል። በግራ በኩልም ጡንቻው ሲላላ ያው ነው፤ ቀጥ ያለ ቋሚ መስመር የለም። ከ110ሩ 50 ወደ ኋላ ከተመለሰ ወደ ሰውነቷ የሄደው 60 ብቻ ነው። 61 በመቶው ከፊሉን ወደ ኋላ የፈሰሰውን ደም ቆጥሮ የተገኘ ነው። ልቧ ወደ ኤትሪየሙ የሚገፋው ዝቅተኛ ግፊትን ተቃውሞ ስለሆነ ሥራው ቀልሎለታል፤ ጡንቻው እየደከመ ቢሆን እንኳ ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ደህና ይመስላል።

በቀዶ ሕክምና በሩ ሲጠገን ያ ቀላል መንገድ ይዘጋል። ልብ ያለውን ሁሉ በአዮርታ በኩል በከፍተኛ ግፊት መግፋት አለበት፤ ከጥገናው በኋላ ኢጀክሽን ፍራክሽኑ ብዙ ጊዜ ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው። ቀዶ ሕክምናው ያበላሸው ሊመስል ይችላል፤ የታየው ግን ቀድሞ የተሸፈነው ድካም ነው። ሐኪሞች በከባዱ የሚትራል ማፍሰስ ቁጥሩ 50 እስኪሆን የማይጠብቁትም በዚህ ምክንያት ነው፤ በሽተኛው ምንም ባይሰማው እንኳ 60 እና ከዚያ በታች ሲሆን ስለ ጥገና መነጋገር ይጀምራሉ።